ማጅራቴ ላይ የቀሩት ሦስት ጠባሳዎች

በቅርቡ ኮምቦልቻ የቢሮ ሥራ የጀመረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ፀጉሬን ስቆረጥ የትኛው ይሻለኛል? ፌድ፣ ቴፐር ወይስ በመቀስ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው እጄ ወደ ማጅራቴ ሄደ። እዚያ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ጠባሳዎች አሉ።

በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውሬ በሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ፒያሳ እቆረጣለሁ። ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። ከሥር በምላጭ ተላጭቶ ወደ ላይ እየወፈረ እንዲሄድ አዝዝ ነበር፤ ዛሬ ፌድ የምትሉት ማለት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሽማግሌ «ልጄ፣ ያንተ ፀጉር ምላጭ አይወድም፤ ትንሽ ላስቀርልህ» ቢሉኝ፣ «ያልኩዎትን ያድርጉ» አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከርዳዳ ፀጉር በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ደግሞ ተጠምዝዞ መልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ማጅራቴን አሳከከኝ፤ ረቡዕ ጠጣር እባጭ ሆነ። የኮምቦልቻ ላብና የሸሚዜ ደረቅ ኮሌታ አባባሱት። እኔ ግን እባጩን የሚያጠፋው ምላጭ መስሎኝ በየሳምንቱ አስላጨሁት። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡት አለቃዬ ጠጋ ብለው «ኮሌታህ ደም ነክቶታል» አሉኝ። ነጭ ሸሚዝ ነበር።

ሁለት ወር ሳልቆረጥ ቆየሁ። እባጩ ሟሸሸ፤ ሦስቱ ግን ጠባሳ ሆነው ቀሩ። ወደ ሽማግሌው ስመለስ አንድም ነገር አልተናገሩም። ደረቁን ፀጉር በሚዶ አንስተው፣ በመቀስ ዙሪያውን ቀስ እያሉ አስተካከሉት። ውኃ አላስነኩትም፤ ከርዳዳ ፀጉር ረጥቦ ከተቆረጠ ሲደርቅ ተሸብልሎ ካሰቡት በላይ ያጥራልና። እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም።

የዛሬ ወጣቶች ከስልካችሁ ፎቶ አውጥታችሁ «እንደዚህ አድርግልኝ» ትላላችሁ፤ የሰውዬው ፀጉር እንደ እናንተ ይሁን አይሁን አታዩም። እኛም እኮ የመጽሔት ሥዕል ይዘን እንሄድ ነበር።

ለእህቴ ልጅ የመከርኩት ግን መቀስ አይደለም። በመቀስ የተቆረጠ ፀጉር ጠዋት ጠዋት ማርጠብና ማበጠር ይፈልጋል፤ በትዕግሥት የሚቆርጥ ባለሙያም እንደ ድሮው አይገኝም። ፀጉር በሳምንት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የማሽኑ ቁጥር 1 የሚያስቀረውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ከሥር ባዶ የሆነ ፌድ በሳምንቱ ቁጥር 1 ይሆናል፤ ያማረው ድንበር ይደበዝዛል፤ የጀማሪ ደመወዝ ደግሞ በየ10 ቀኑ አያስቆርጥም። ቴፐር የሚሳሳው በጆሮ ፊትና በማጅራት ብቻ ስለሆነ ሦስት ሳምንት ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

«ቴፐር ተቆረጥ» አልኩት፤ «ማጅራትህ ላይ ግን ከቁጥር 1 በታች አታስወርደው። በነጋታው ጣትህን ከታች ወደ ላይ ስታስኬድ እንደ እሾህ ከወጋህ፣ ያለ ልክ ወርዷል ማለት ነው።»