የዘይቱን ዋጋ ከታች ፈልጉት

«ሱቃችን የሚገባውን ዕቃ በኤክሴል እመዘግባለሁ። XLOOKUP ዘይት ስለው የመስከረሙን ዋጋ ያመጣል። የትናንቱን እንዴት ላግኝ?»

ካልነገሩት ከላይ ወደ ታች ይፈልግና መጀመሪያ ያገኘው ላይ ይቆማል። ከታች እንዲጀምር መጨረሻ ላይ -1 ይጨምሩለት። ስሙ B፣ ዋጋው C፣ የሚፈልጉት ዕቃ ስም E2 ላይ ከሆነ፦

```
=XLOOKUP(E2,B2:B500,C2:C500,"አልተመዘገበም",0,-1)
```

መስከረም ላይ ዘይት 900፣ ትናንት 1,150 ብለው ከመዘገቡ አሁን 1,150 ይመጣል። -1ዱ ስድስተኛው ቦታ ላይ መሆኑን ግን ይቁጠሩ። 0ውን ዘለው አምስተኛው ላይ ካስገቡት ትርጉሙ ይለወጣል፤ «ካጣህ ቀጥሎ የሚያንሰውን አምጣ» ማለት ነው። ያኔ ዘይት ሲሉት 900 ይመልሳል። ያልመዘገቡትን ጨው ሲሉት ደግሞ የሌላ ዕቃ ዋጋ ሊሰጥዎ ይችላል፣ «አልተመዘገበም» ሳይል። እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ።

ሌላው ጣጣ ቀኑ ነው። ፎርሙላው ቀን አያይም፤ «የመጨረሻ» የሚለው ታችኛውን ረድፍ ነው። የተረሳ የኅዳር ደረሰኝ ዛሬ ከታች ከጻፉ የኅዳሩ ዋጋ አዲሱ ሆኖ ይመጣል። በቀን ደርድረው ይጠቀሙ እንዳልልዎ፣ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ጉድ አለው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለው ሲጽፉ ኤክሴል በፈረንጅ አቆጣጠር የካቲት 30 የለም ብሎ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። ሲደረደር ጽሑፍ ከቁጥር በታች ይወርዳልና ጥቅምት ከጥር በኋላ ይቀመጣል። መፍትሔው ዓመት፣ ወር፣ ቀን አስከትሎ እንደ አንድ ቁጥር መጻፍ ነው፦ 20170230። ይህ ሁሌም በትክክል ይደረደራል።

«ካልተገኘ 0 ይበል ብዬዋለሁ። ምን ችግር አለው?»

አለው እንጂ! ዋጋው 0 ከሆነ በብዛቱ ሲባዛም 0 ነው፤ ድምሩ ይጎድላል፣ እርስዎም አያውቁም። «አልተመዘገበም» የሚል ቃል ሲባዛ ግን #VALUE! ብሎ ይጮኻል። ይጩህ።

«ዓሣ መዝግቤያለሁ፣ እሱ ግን የለም ይለኛል። ዓይኔ እያየ!»

መዝገቡ ላይ «አሳ» ብለው ይሆናል። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኤክሴል ግን ዓ እና አ፣ ሣ እና ሳ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከቃሉ ኋላ የተረሳ ባዶ ቦታም እንዲሁ ያደርጋል። አንዱን አጻጻፍ መርጠው ሁሉንም ያስተካክሉ።

«ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ #NAME? ይላል።»

የእሱ ኤክሴል 2019 ወይም ከዚያ በፊት የወጣ ነው፤ XLOOKUP የለውም።

«የቀረውን ዕቃ በዚሁ አዲስ ዋጋ ተምኜ ዓመቱን ልዝጋ?»

አይዝጉ። ዋጋ ማግኘትና ቆጠራ መተመን ለየቅል ናቸው። በ900 የገዙትን በ1,150 ቢተምኑት ትርፍዎ በወረቀት ላይ ያብጣል፣ ግብሩም አብሮ። የሒሳብ ባለሙያ ሳያዩ ምንም እንዳይፈርሙ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው።