«ተኝተሻል?» የሚል መልእክትና የቀኑ ዝምታ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ በአገልግሎት የማውቀው አንድ ወንድም ከአራት ወር ወዲህ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ይጽፍልኛል። ሁልጊዜ «ተኝተሻል?» ብሎ ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ እንጻጻፋለን። ስለ አባቱ ሞትና ስለ ፍርሃቱ የነገረኝ ለእኔ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ቀን ሲያገኘኝ ግን ሰላምታ ሰጥቶኝ ብቻ ያልፋል፤ ቀን የጻፍኩለትንም ማታ ነው የሚመልሰው። ሰሞኑን ደግሞ ፎቶ ላኪልኝ ብሎኛል። ይህ መቀራረብ ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ? መልስ መስጠቴስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፥ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እርሱ ከተፈታልሽ ሌላውን በተረጋጋ ልብ ለማየት ትችያለሽና። በሌሊት መነጋገር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኒቆዲሞስ ወደ ጌታችን የመጣው በሌሊት ነው (ዮሐ. 3፥2)፤ ጌታም ስለ ሰዓቱ አልወቀሰውም፤ ይልቁንም ስለ ዳግመኛ መወለድ ያለውን ታላቅ ትምህርት ገለጠለት። ነገር ግን ወንጌላዊው ኒቆዲሞስን በዚያች ሌሊት ላይ ትቶት አይሄድም። በምዕራፍ 7 በአለቆችና በፈሪሳውያን መካከል ቆሞ ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ሲናገር እናገኘዋለን፤ በምዕራፍ 19 ደግሞ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ ለጌታ ቀብር ሲመጣ እናየዋለን። በሌሊት የጀመረው ነገር ቀን ሰው እያየው ዋጋ የተከፈለበት ነገር ሆነ። ስለዚህ «በስንት ሰዓት ጻፈልኝ?» ከሚለው ይልቅ «በሌሊት ያለኝ ነገር ሲነጋ የት ደረሰ?» የሚለውን እንድትጠይቂ እፈልጋለሁ።

ይህን የምልሽ ሰዓት ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል ስለማውቅ ነው። ምክር ሊጠይቁኝ ከመጡት መካከል አንዱ የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ለሚወዳት ልጅ የሚጽፍላት በዕረፍቱ ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። ሰዓቱን ብቻ አይቼ ብፈርድ ኖሮ በደልሁት ነበር። ነገር ግን መልእክቱ ማለዳ ስትነቃ እንድታነበው የተጻፈ እንጂ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት አልነበረም፤ ዕረፍት ባገኘበት ቀንም ከሰዓት በኋላ ደውሎ ቤተሰቧን ለመጠየቅ ይመጣ ነበር፤ የንስሐ አባቱም ስለ እርሷ ያውቁ ነበር። የእርሱ ሌሊት ከቀኑ ጋር የተያያዘ ነበር።

«ተኝተሻል?» የምትለዋን ቃል እስኪ በዚህ ዓይን ተመልከቻት። ተኝተሽ ቢሆን ኖሮ ማለዳ ስትነሺ ከዚያ መልእክት ምን ታገኚ ነበር? ምንም። አሳብም፣ ዜናም፣ ስለ አንቺም የተጠየቀ ነገር የለበትም፤ የሚጠይቀው አሁን ነቅቶ የሚመልስ ሰው መኖሩን ብቻ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ መጻፍ ምንም ክፋት የለውም። አራት ወር ሙሉ ያለዚህ ጥያቄ የተጀመረ ንግግር ከሌለ ግን ጸሐፊው የሚፈልገው አንቺን ይሁን ወይስ የነቃ ሰሚን ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ይህን ስል ሐዘኑን ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም እውነት ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በድካሙና በብቸኝነቱ ሰዓት ቀን የማይናገረውን ይናገራል፤ ፊት ለፊት የሚያየው ሰው ስለሌለም ቃሉ ሳይከብደው ይወጣለታል። ሰሚውም የተገለጠለትን ምስጢር እንደ ቃል ኪዳን ይቆጥረዋል። ነገር ግን ምስጢርን መናገርና ራስን መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰውየው ስለ አባቱ እያለቀሰ እውነቱን ሊነግርሽ ይችላል፤ ስለ አንቺ ግን ምንም አሳብ ላይኖረው ይችላል። ይህን ለመለየት አንድ ቀላል ሥራ እሰጥሻለሁ። በቀን፣ ሳትደክሚ፣ ያለፈውን አንድ ወር ንግግራችሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢውና እርሱ ከአንቺ ነገር የተነሣባቸውን ቀኖች ፈልጊ፦ «ያ ፈተናሽ እንዴት ሆነ?»፣ «እናትሽ ተሻላቸው?» ያለባቸውን ማለቴ ነው። የነገርሽውን አስታውሶ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው በልቡ ቦታ ሰጥቶሻል። የአንቺ ነገር ሁሉ በማግስቱ የተረሳ ሆኖ ካገኘሽው ግን ሸክሙን የሚያራግፍበት ቦታ ሆነሻል። ያዘነን ማጽናናት መልካም ሥራ ቢሆንም ጋብቻ ወደሚደርስ መቀራረብ የሚወስድ መንገድ ነው ብለሽ ራስሽን አታታልዪ።

በሌሊት ስለ ተነገረ የከበረ ቃል ስናነሣ ከቦዔዝ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። ሩት ወደ አውድማው በሌሊት ወርዳ በእግሩ አጠገብ ተኛች፤ እኩለ ሌሊት ላይም ነቅቶ አገኛት (ሩት 3)። ሰዓቱም ቦታውም ለፈተና የተመቸ ነበር። ቦዔዝ ግን ያደረገውን ልብ በይ። አስቀድሞ ባረካት። ከዚያም ያለውን እንቅፋት ሳይሸሽግ እርሷን ለማግባት ከእርሱ ይልቅ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ እንዳለ ነገራት። ያ ሰው እምቢ ቢል ግን እርሱ ራሱ እንደሚያገባት ምሎ ቃል ገባላት። ማለዳም ስድስት መስፈሪያ ገብስ አሸክሞ ላካት፤ በዚያው ቀን በከተማይቱ በር ተቀምጦ፣ ዐሥር ሽማግሌዎች ጠርቶ፣ ነገሩን በሕዝብ ፊት ፈጸመ።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ «ቦዔዝ እኮ ሴት ወደ አውድማው መምጣቷ እንዳይታወቅ ብሏል፤ እርሱም ደበቃት» ሊል ይችላል። አዎ፣ ብሏል (ሩት 3፥14)። ነገር ግን የደበቀው ስሟ እንዳይጎድፍ ሌሊቱን ነው እንጂ ሴቲቱን አይደለም፤ እርሷንማ በማግስቱ በሽማግሌዎቹ ፊት በስሟ ጠራት። ወንድማችን በሰው ፊት በሰላምታ ብቻ የሚያልፍሽ ስምሽን ለመጠበቅ ከሆነ ይህን ጥንቃቄውን ነግሮሽ፣ ለነገሩም ቀን ቀጥሮ መሆን ነበረበት። አራት ወር ያለ ቀጠሮ የቆየ ምስጢር ግን የሚጠብቀው አንቺን ሳይሆን እርሱን ነው፤ ለማንም መልስ ሳይሰጥ እንዲቆይ ያስችለዋልና።

ፎቶውን አትላኪ። በሚጠፋ መልእክት ይሁን ቢልሽም ተቀባዩ በሌላ ስልክ ሊያነሣው ስለሚችል አንድ ጊዜ ከእጅሽ የወጣ ምስል ወደ አንቺ አይመለስም። ከዚህ ይልቅ ስለ ልቡ የሚነግርሽ እምቢታሽን የሚቀበልበት ሁኔታ ነው። «ይቅርታ፥ መጠየቅ አልነበረብኝም» ካለ ሰው ነውና ተሳስቶ ተመልሷል። «አታምኚኝም ማለት ነው?» ካለሽ፣ ወይም ለቀናት ካኮረፈሽ ግን የነገረሽን ምስጢር ዕዳ አድርጎ እያስከፈለሽ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሲጽፍልሽ አትመልሺለት፤ በተንኮል ልትፈትኚው አይደለም፤ የምታደርጊውን ሲነጋ ትነግሪዋለሽና። ማለዳ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ሰላም ወንድሜ፥ ማታ የጻፍክልኝን አሁን አየሁት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልኬን ስለማስቀምጥ ከእንግዲህ ማታ መመለስ አልችልም። ፎቶ አልልክም። ልንነጋገር ከፈለግህ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ባለበት ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ ስለ እኛ ምን እንደምታስብ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።» ጌታችን «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ያለው (ማቴ. 5፥37) እንዲህ ላለው ግልጽነት ነው፤ አንቺም የልብሽን መጠየቅ አያሳፍርሽ።

በተፈጥሮው ዓይን አፋር ሆኖ በጽሑፍ ብቻ የሚደፍር ሰው መኖሩን አውቃለሁና ለዚህም ቦታ እንተውለት። እንዲህ ያለ ሰው እሑድ መጥቶ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ ላብ ሊያሰምጠው ይችላል፤ ግን ይመጣል፤ ወይም «ፊት ለፊት መናገር ይከብደኛል» ብሎ ቀን ላይ ይጽፍልሻል። ትንሽም ቢሆን ወደ ብርሃኑ የሚደረግ እርምጃ ይታያል። አንድ ወር ጠብቂው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለቀኑ ጥያቄሽ ዝም ብሎ ሌሊት ላይ እንደገና «ተኝተሻል?» ካለሽ መልሱን ሰጥቶሻል፤ ሌላ ትርጓሜ አትፈልጊለት።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ነገር አለ። በማንኛውም ሌሊት መኖር እንዳስጠላው ወይም ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ ከጻፈልሽ ስለ ሰዓት የተናገርሁትን ሁሉ ተዪው። በዚያው ደቂቃ ደውዪለት፤ ደግሞም ብቻሽን አትሸከሚው፤ አጠገቡ ሊደርስ ለሚችል ቤተሰቡ ወይም ጓደኛው ንገሪ። ምስጢር ጠብቂልኝ ቢልሽም እንኳ በዚህ ጉዳይ ሕይወቱ ከምስጢሩ ይበልጣል።

ስለ አንቺ በኩልም በፍቅር አንድ ነገር ልበል። ሌሊት የሚፈለግ ሰው መሆን ልብን ያሞቃል፤ ስልኩ ሲበራ የሚሰማሽን ደስታ አልንቀውም። ነገር ግን እስከ 7 ሰዓት ነቅተሽ የማለዳ ጸሎትሽን ምን ያህል ጊዜ እንዳስታጎልሽ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለንስሐ አባትሽ የምትናገሪውም ይህን ነው። መልእክቶቹን አንድ በአንድ ማንበብ አያስፈልግሽም፤ ምን ያህል እንደቆየ፣ ንግግሩ ወደ ምኞት ያዘነበለበት ጊዜ ከነበረ፣ ከዚህ በፊት የላክሽው ምስል ካለ ይህን ብትነግሪያቸው ይበቃል። ስልክሽንም ከምትተኚበት ክፍል ውጭ አሳድሪው፤ የምትነቂበት ደወል ስልኩ ላይ ከሆነ የማንቂያ ሰዓት ለብቻው ያዢ።

የእሑዱ ንግግር ከተደረገ በኋላ ያለሽን ጻፊልኝ፤ ካልመጣም እንዲሁ።